ባለቤቴ መርካቶ፣ እኔ ቤት፦ አንዱ የገበያ ዝርዝር በሁለት ስልክ ለምን ተለያየ?

1. የጎፋዋ (ቅዳሜ፣ ማታ 2:15)

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንዱ አበሳጭቶኛል፣ ሌላው ግን አስፈርቶኛል።

የሚቀጥለው እሑድ የጽዋ ማኅበሩ ተራ የእኛ ቤት ነው። የሚገዛውን ሁሉ ስልኬ ላይ ባለው የማስታወሻ መተግበሪያ ጽፌ ከባለቤቴ ጋር አጋርቼዋለሁ፤ እሱም በራሱ ስልክ ያየዋል፣ ይጽፍበታል። ዛሬ ጠዋት እሱ መርካቶ ሄደ። እኔ ቤት ሆኜ የረሳሁት ትዝ ሲለኝ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና አንድ ኪሎ ቅቤ ጨመርኩ። ሲመለስ ሦስቱም የሉም። «አልጻፍሽውም» አለኝ። ስልኩን ሳየው እውነትም የለም። የባሰው ደግሞ ወደ ራሴ ስልክ ስመለስ ከእኔም ላይ ጠፍቷል። በእጄ የጻፍኩትን፣ ተጽፎም በዓይኔ ያየሁትን ነው የምላችሁ።

ሁለተኛው የእናቴ ድምፅ ነው። ባለፈው ዓመት ደብረ ማርቆስ በሄድኩ ጊዜ የበርበሬ አዘገጃጀቷን፣ ዛላውን ከመቀንጠስ ጀምሮ እስከ ወፍጮው ድረስ፣ እየነገረችኝ ቀድቻታለሁ። ወደ 14 ደቂቃ ይሆናል። የቀዳሁት እዚያው የማስታወሻ መተግበሪያ ውስጥ ነው። ከዚያ ስልክ ቀየርኩ። በአዲሱ ስልክ ማስታወሻው አለ፣ ርዕሱም አለ፤ ድምፁን ስነካው ግን ይሽከረከራል እንጂ አይናገርም። እናቴ አሁን ታማለች፤ እንደዚያ አድርጋ በዝርዝር ደግማ ልትነግረኝ አትችልም። አሮጌው ስልክ መሳቢያ ውስጥ አለ። እኅቴ «በሁለቱም ስልክ መተግበሪያውን አጥፍተሽ እንደገና ጫኚው» ትለኛለች። ላድርገው?

2. ፈጣን መልእክት (ማታ 2:31)

እኅቴ፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? እኔ የማስታወሻ መተግበሪያ የሚባል ነገር ከተውኩ ቆይቻለሁ። ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልካለሁ፣ በቃ። ዝርዝሩም፣ ድምፁም፣ ፎቶውም እዚያው ይቀመጣል። ስልክ ብቀይር፣ ኮምፒውተር ላይ ብከፍት ሁሉንም አገኘዋለሁ። ከባለቤቴ ጋር ደግሞ ሁለታችን ብቻ ያለንበት ግሩፕ ከፍተናል፤ የጎደለውን እዚያ እንጽፋለን። አንድም ነገር ጠፍቶብኝ አያውቅም።

3. ማስታወሻ ደብተር (ማታ 2:40)

የጎፋዋ፣ ከሁሉ በፊት፦ አሮጌው ስልክ ላይ መተግበሪያውን እንዳታጠፊው! ከአካውንትሽም አትውጪ፤ «Clear data» የሚለውንም አትንኪ። የእናትሽ ድምፅ ያለው ምናልባት እዚያ ብቻ ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ፤ አሁን ስልኩ ቻርጅ ይደረግ እንጂ ሌላ ምንም አይነካ።

ስለ ዝርዝሩ ደግሞ ሦስት ነገር ንገሪኝ። የጻፍሽው እንደ ደብዳቤ ተራ በተራ ነው ወይስ በየዕቃው ፊት ምልክት የሚደረግበት ሳጥን አለ? ባለቤትሽ መርካቶ ውስጥ ዳታ ከፍቶ ነበር? የተገዛውንስ እንዴት ነበር የሚለየው?

4. የጎፋዋ (ማታ 2:58)

አመሰግናለሁ፤ ስልኩን ቻርጅ ላይ አድርጌዋለሁ። ሳጥን የለውም፣ እንዲሁ ተራ በተራ የተጻፈ ነው። ዳታ መርካቶ ውስጥ አይከፍትም፤ ከከፈተ ጥቅሉ በአንድ ሰዓት ያልቅበታል። የተገዛውን ከጽሑፉ ላይ ይሰርዘዋል። ዳታውን የከፈተው ሲጨርስ ታክሲ ለመጥራት ነው።

5. ባትሪ ቆጣቢ (ማታ 3:05)

ችግሩ ታወቀ። ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል መተግበሪያውን ያስተኛዋል። በቅንብሮች ውስጥ ገብታችሁ የባትሪ ገደቡን አንሡለት። የእኔም እንደዚያ ነበር፤ ገደቡን ሳነሣው ወዲያው ተስተካከለ። ብዙ ስልኮች ከፋብሪካ ሲወጡ እንዲህ ሆነው ነው የሚመጡት።

6. ማስታወሻ ደብተር (ማታ 3:34)

ባትሪ ቆጣቢ ያልከው እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ የሚያስከትለው መዘግየትን ነው። የተኛ መተግበሪያ ሲነቃ የዘገየውን ያመጣል። እዚህ ግን የጠፋ ነገር አለ፤ የተጻፈው ከጻፈችው ሰው ስልክ ላይ ሳይቀር ተነሥቷል። ይህ ሌላ ነገር ነው። ቀኑን በሰዓት ልዘርዝረው፤ ሰዓቶቹ ግምት ናቸው፣ ቅደም ተከተሉ ግን እንዲህ መሆን አለበት።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በሁለቱም ስልክ ያለው አንድ ዓይነት ነው፤ ዘጠኝ ዕቃ እንበል። 3 ሰዓት ላይ ባለቤትሽ ዳታ ዘግቶ ይወጣል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በእጁ ያለው የጠዋቱ ዝርዝር ፎቶ ነው ማለት ይቻላል። 3:20 ላይ አንቺ ሦስት ዕቃ ትጨምሪያለሽ፤ ያንቺ ስልክ ኢንተርኔት ላይ ስለሆነ ወዲያው ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። ሰርቨሩ ላይ አሁን ዐሥራ ሁለት ዕቃ አለ። እሱ ደግሞ እስከ 4:30 ድረስ ከዘጠኙ አምስቱን ገዝቶ ይሰርዛል፤ በእሱ ስልክ አራት ቀርቷል። 5:10 ላይ ለታክሲ ብሎ ዳታ ይከፍታል። ስልኩ በዚህ ጊዜ ለሰርቨሩ «በመጨረሻ የተጻፈው ይህ ነው» ብሎ አራት ዕቃ ያለውን ጽሑፍ ይሰጣል። እሱ የጻፈበት ሰዓት ካንቺ ይዘገያል። ሰርቨሩም ያንቺን ዐሥራ ሁለት በእሱ አራት ይተካዋል፤ ከዚያ የተተካውን ወደ አንቺ ስልክ ይልከዋል። ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ የጠፉት በዚህ መንገድ ነው። ማንም አላጠፋቸውም፤ ባለቤትሽም እውነቱን ነው፣ አንቺም እውነትሽን ነው።

የዚህ ሁሉ መነሻ መተግበሪያው ተራ ጽሑፍን የሚያየው እንደ አንድ ሙሉ ነገር መሆኑ ነው። ለእሱ «ቅቤ» የሚባል ዕቃ የለም፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው ያለው። ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ሲመጡለት አንዱን ይመርጣል፤ ካልሆነም ሁለት ቅጂ አድርጎ ያስቀምጣል።

ሳጥን ያለው ዝርዝር ግን በብዙ መተግበሪያዎች ዘንድ እንደዚያ አይደለም። ለምሳሌ ጎግል ኪፕ እያንዳንዱን ረድፍ ለብቻው ያስቀምጠዋል፤ ለብቻው ሰዓት ይጽፍለታል። ባለቤትሽ አምስት ረድፍ ላይ ራይት ቢያደርግ የነካው አምስቱን ብቻ ነው። አንቺ የጨመርሻቸው ሦስቱ አዲስ ረድፎች ናቸው፣ ማንም አልነካቸውም። ሲገናኙ ይደመራሉ እንጂ አይጣሉም።

መሰረዝ ሳይሆን ራይት ማድረግም ለዚህ ነው የሚሻለው። የተሰረዘ ዕቃ «ተገዛ» ወይም «አያስፈልግም» ተብሎ እንደሆነ አይታወቅም፤ ምልክት የተደረገበት ግን ከታች ተሰብስቦ ይቀመጣል። በኪፕ ቅንብሮች ውስጥ «Move checked items to bottom» የሚለው መብራቱን እዪ።

7. ጥያቄ አለኝ (ማታ 3:50)

እኔ ጆፕሊን ነው የምጠቀመው፤ እሱም ሳጥን አለው። እንግዲያው እኔ ከዚህ ችግር ነጻ ነኝ ማለት ነው?

8. ማስታወሻ ደብተር (ማታ 4:02)

አይደለህም፤ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የጆፕሊን ሳጥን ለዓይን ሳጥን ይምሰል እንጂ ከሥሩ ተራ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን ለማረም ስትከፍተው እንዲህ ታየዋለህ፦

```
- [x] ቀይ ሽንኩርት 5 ኪሎ
- [ ] ኮረሪማ
- [ ] ቅቤ 2 ኪሎ
```

ሙሉው አንድ ማስታወሻ ነው፤ ስለዚህ ከሁለት ስልክ ያለ ኢንተርኔት ከተጻፈበት ይጋጫል። የጆፕሊን ደግነት የተጋጨውን አለመጣሉ ነው፤ ከስልክህ ያለውን ቅጂ «Conflicts» በሚባል ደብተር ውስጥ ያስቀምጥልሃል። እዚያ ገብተህ በእጅህ ታስማማዋለህ። ለብቻው ለሚጽፍ ሰው ጥሩ ነው። ለባልና ሚስት የገበያ ዝርዝር ግን በርበሬ ተራ መሐል ቆሞ ሁለት ቅጂ ማስማማት አይታሰብም።

የትኛውም መተግበሪያ ቢሆን የራሳችሁን ለመፈተን አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሦስት ረድፍ ያለው ዝርዝር ጻፉና በሁለቱም ስልክ መታየቱን አረጋግጡ። ሁለቱንም ስልክ የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉ። በአንዱ ላይ የመጀመሪያውን ረድፍ ራይት አድርጉ፣ በሌላው ላይ አንድ አዲስ ዕቃ ጨምሩ። ከዚያ አንዱን ስልክ ከኢንተርኔት ጋር አገናኙ፤ ደቂቃ ቆይታችሁ ሌላውን። በሁለቱም ስልክ ራይቱም አዲሱ ዕቃም ካሉ መተግበሪያው ረድፍ በረድፍ ነው የሚያመሳስለው። አንዱ ከጠፋ መልሱን አገኛችሁ።

9. ቨርጂኒያ ነኝ (እሑድ፣ ንጋት 11:20)

እኔም በዚሁ ነገር ተቃጥያለሁ። ከዚህ አዲስ አበባ ስሄድ 23 ኪሎ፣ 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ናቸው የሚፈቀዱልኝ። በመመለሻዬ ምን እንደሚጫን ከእኅቴ ጋር አንድ ዝርዝር አለን፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ የእናቴ ነጠላ። በየጉዞው የምንጠቀመው ያንኑ ዝርዝር ነው። ባለፈው እኔ እዚህ ሆኜ ለሚቀጥለው ዓመት ብዬ «Uncheck all items» ነካሁ። ለካ እኅቴ አዲስ አበባ ላይ ሻንጣውን ግማሽ አድርሳ ነበር። ራይቶቹ ሁሉ ተነሡባት። ያልገባ መስሏት ሚጥሚጣውን ደግማ አስፈጭታ ጨመረችው፤ ነጠላው ደግሞ ኪሎው ሞላ ተብሎ ቀረ። እስካሁን ያቃጥለኛል፤ እናቴ በእጇ የፈተለችው ነው።

እና የጎፋዋ፣ ምናልባት ባለቤትሽ ሳያውቀው የሆነ ነገር ነክቶ ይሆናል። መጋራቱን ብታነሺውና አንቺ ብቻ ብትጽፊ አይሻልም?

10. ማስታወሻ ደብተር (እሑድ፣ ጠዋት 2:10)

ቨርጂኒያ፣ ያንቺ ነገር ከጎፋዋ ይለያል። የእነሱ ጽሑፍ ተጋጭቶ ነው የጠፋው፤ ያንቺ ግን በትክክል ተመሳስሎ ነው። ያዘዝሽውን ነው ያደረገው፤ ትእዛዙ እኅትሽ ስልክ ላይ መድረሱ ነው ጉዳቱ። ለተደጋጋሚ ዝርዝር እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አንድ ንጹሕ ዝርዝር ለራሴ ብቻ አለኝ፣ ለማንም አላጋራውም። ጉዞ ወይም በዓል ሲመጣ «Make a copy» ብዬ ቅጂ አወጣና ቅጂውን አጋራለሁ። ሥራው ሲያልቅ ቅጂው ይጣላል። ያኔ ራይት የማንሣት ጣጣ ራሱ አይኖርም።

መጋራቱን ማንሣት ግን አልመክርም። ያኔ እሱ ዕቃ በገዛ ቁጥር መደወል ሊኖርበት ነው።

የጎፋዋ፣ ረድፍ በረድፍ የሚያመሳስል ዝርዝርም የማይፈታው አንድ ነገር አለ። ሁለታችሁ አንዱን ረድፍ ከነካችሁት አንዳችሁ ትሸነፋላችሁ። «ቅቤ 2 ኪሎ» የሚለውን አንቺ «3 ኪሎ» ብለሽ ብታርሚውና እሱ እዚያው ላይ የሻጩን ዋጋ ቢጽፍበት አንዱ ይጠፋል። ስለዚህ ቁጥር አታርሚ፤ አዲስ ረድፍ ክፈቺና «ቅቤ፣ ተጨማሪ 1 ኪሎ» በዪ።

ዳታውን በሚመለከት፦ ዝርዝሩ በጣም ትንሽ ነገር ነው። አንድ የግእዝ ፊደል በተለመደው አቀማመጥ 3 ባይት ይይዛል፤ የዐሥራ ሁለት ዕቃ ስም አንድ ኪሎባይት እንኳ አይሞላም። ጥቅሉን የሚበላው ዳታ ሲከፈት አብረው የሚነቁት ሌሎቹ ናቸው፤ ቪዲዮና ፎቶ የሚያወርዱት። አንድሮይድ ከሆነ በቅንብሮች ውስጥ «Data Saver» ያብራ። ያኔ ከጀርባ ያሉት ዝም ይላሉ፤ ከፊቱ የከፈተው ማስታወሻ ብቻ ይሠራል። ከአንድ ተራ ወደ ሌላ ከማለፉ በፊት ለአንድ ደቂቃ ዳታ ከፍቶ ዝርዝሩን ወደ ታች ስቦ ያድሰው። ይህን ካላደረገ ምንም ዓይነት መተግበሪያ ያንቺን ኮረሪማ እዚያው ገበያው ውስጥ ሊያሳየው አይችልም።

11. የድሮ መምህር (ጠዋት 3:25)

ልጆቼ፣ እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ላንሣ። ማስታወሻዎቼ ከ300 በላይ ሆነዋል። ባለፈው ለጾም የጻፍኩትን የዓሣ አሠራር ስፈልግ «አሳ» ብዬ ብጽፍ የለም፤ ጠፋ ብዬ አዘንኩ። ለካ ስጽፈው «ዓሣ» ብዬ ነው። ፊደላችን ለአንድ ድምፅ ብዙ መልክ አለው፤ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ። መፈለጊያው ድምፁን አይሰማም፤ ቅርጹን ነው የሚያየው። ስለዚህ ሁላችሁም በትክክለኛው ሆሄ ጻፉ። ዓሣ በዓይኑ ዐ እና በንጉሡ ሠ ነው። ሕግ ሲኖር ፍለጋውም ይቀናል።

12. ፈጣን መልእክት (ጠዋት 3:41)

መምህር፣ በአክብሮት፣ ገበያ ውስጥ ቆሞ ማን ዐይኑን ዐ ይፈልጋል? በቁልፍ ሰሌዳው ላይ ቶሎ የሚገኘውን ነው የምንጽፈው። ሁሉም ሰው በቀላሉ ፊደል ቢጽፍ ይሻላል፤ አ እና ሰ።

13. የድሮ መምህር (ጠዋት 3:55)

ቶሎ የሚገኘው የሁሉም ሰው አንድ ከሆነ ተስማማሁ። ነገር ግን አንዱ የቁልፍ ሰሌዳ ሀን ያስቀድማል፣ ሌላው ሐን። የሚስቴ ስልክ ራሱ ቃል ሲጠቁማት «ሐሙስ» ይላል፣ የእኔ «ሀሙስ»። ቃሉን እኛ ሳንሆን ስልኩ እየመረጠው ነው። እንግዲህ በሁለት ሰው ዝርዝር ላይ አንድ ዕቃ በሁለት ሆሄ ተጽፎ ሁለቴ ሊገዛ ይችላል።

14. ማስታወሻ ደብተር (ጠዋት 4:08)

መምህር ያሉት እኔ ቤትም አለ። እኔ የማደርገው ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠውን ማስታወሻ ብቻ ነው፤ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሬ ቃሉን በሌላኛው ሆሄ እጽፈዋለሁ፤ «ዓሣ፣ አሳ፣ አሣ» ብዬ። በየትኛውም ስፈልግ ይገኛል። ለዕለት ዝርዝር ግን አልደክምበትም።

አሁን ወደ ድምፁ። የጎፋዋ፣ አሮጌው ስልክ በርቷል?

15. የጎፋዋ (ጠዋት 4:15)

በርቷል። እዚያ ላይ ድምፁ ይሰማል! አለቀስኩ። አሁን ምን ላድርግ?

16. ማስታወሻ ደብተር (ጠዋት 4:37)

እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ማስታወሻና ድምፅ አብረው የተቀመጡ ቢመስልም የሚጓዙት ለየብቻ ነው። ጽሑፉ ቀላል ስለሆነ ወዲያው ይሄዳል፤ ድምፁ እንደ ተያያዥ ፋይል ከኋላ ይከተላል። 14 ደቂቃ ድምፅ በ128 ኪሎቢት በሰከንድ ከተቀዳ ወደ 13 ሜጋባይት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ በሞባይል ዳታ ነበርሽ፤ ቀድተሽ እንደጨረስሽ መተግበሪያውን ዘግተሽ ይሆናል። ጽሑፉ ወጣ፣ ድምፁ መንገድ ላይ ቀረ። አንዳንድ መተግበሪያ ደግሞ ትልቅ ፋይል የሚልከው በዋይፋይ ብቻ ነው። ከዚያ ስልክ ቀየርሽ፤ አዲሱ ስልክ ርዕሱን ከሰርቨሩ አገኘ፣ ድምፁን ሲጠይቅ ግን ሰርቨሩም የለውም። መሽከርከሩ ለዚህ ነው። አሮጌውን አጥፍተሽ ብትጭኚው ኖሮ ብቸኛው ቅጂ በዚያው ይሄድ ነበር።

አሁን በመጀመሪያ ከማመሳሰሉ ውጭ አንድ ቅጂ አውጪ። ድምፁ ላይ ማጋሪያውን ነክተሽ ወደ ሌላ ቦታ ላኪው፤ ፈጣን መልእክት እንዳለው ለራስሽ በቴሌግራም ብትልኪው ጥሩ ነው፣ ግን የድምፅ ፋይሉ ራሱ መሄዱን እዪ። ከዚያ አሮጌውን ስልክ ዋይፋይ ላይ አድርጊ፣ መተግበሪያውን ክፈቺ፣ ስክሪኑ እንዳይጠፋ እያደረግሽ ጠብቂ። መድረሱን የምታረጋግጪው በአሮጌው ስልክ አይደለም፤ እዚያማ ሁልጊዜ ይሰማል። በአዲሱ ስልክ ወይም በኮምፒውተር ከፍተሽ ከመጀመሪያው፣ ከመሐሉና ከመጨረሻው ትንሽ ትንሽ ስሚ። ሦስቱም ቦታ ከተሰማ ደርሷል።

17. ጥያቄ አለኝ (ጠዋት 4:50)

ጆፕሊን ላይ የድምፅ ፋይል አያይዤ ነበር፤ ስልኬ ላይ ካልነካሁት አይወርድም። ይህም ያው ችግር ነው?

18. ማስታወሻ ደብተር (ጠዋት 4:58)

አይደለም፤ የአንተ ሰርቨሩ ላይ አለ። በቅንብሮች ውስጥ ተያያዥ ፋይሎች እንዴት ይውረዱ የሚለው «Manual» ወይም «Auto» ሆኖ ይሆናል። «Always» ብታደርገው ሁሉም ይወርዳል፣ ግን የስልኩን ቦታና ዳታህን ይበላል። እኔ በኮምፒውተሬ «Always»፣ በስልኬ «Auto» ነው ያደረግኩት።

19. ባትሪ ቆጣቢ (ጠዋት 5:12)

ድምፁን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን ብትጠቀም ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ኪፕ ላይ እየተናገርክ ይጽፍልሃል።

20. ማስታወሻ ደብተር (ጠዋት 5:30)

ይጽፋል፣ ድምፁንም አብሮ ያስቀምጣል። ለአጭር ነገር እኔም እጠቀምበታለሁ፤ እየነዳሁ «ጋዝ ይሞላ፣ የልጆቹ ደብተር» ለማለት። ነገር ግን ሰው ለጥቂት ሰከንድ ዝም ሲል መቅዳቱን ያቆማል። እናት እያሰበች ነው የምትናገረው፤ በርበሬውን በእጇ አገላብጣ፣ አየት አድርጋ፣ ከዚያ ትቀጥላለች። በመጀመሪያው ዝምታ ይዘጋባታል። አማርኛውንም ለተለመደ ቃል ደኅና ይጽፈዋል፤ «ድልዝ» እና «ጤና አዳም» ላይ ግን እኔ ስሞክረው ሌላ ቃል ነው ያወጣው። ለእንዲህ ዓይነቱ በስልኩ ድምፅ መቅጃ በረጅሙ ቅዱ፤ ፋይሉን ከዚያ ማስታወሻው ላይ አያይዙት። የስልኩ መቅጃ ብቻውን ግን ብዙ ጊዜ ከስልኩ ወደ የትም አይሄድም፤ ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ይሰረቃል።

21. ቨርጂኒያ ነኝ (ማታ 1:05)

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰዎች የባንክ የምስጢር ቁጥራቸውን እዚያው የገበያ ዝርዝር ሥር ይጽፋሉ። የእኔ እኅት ጽፋ ነበር፤ ዝርዝሩ ደግሞ ለአራት ሰው የተጋራ ነው። እባካችሁ ተጠንቀቁ።

22. የጎፋዋ (ማክሰኞ፣ ማታ 2:50)

ተመልሻለሁ። ድምፁ ደርሷል። ጎረቤቴ ዋይፋይ ላይ አሮጌውን ስልክ ከፍቼ ስክሪኑን በጣቴ እየነካካሁ ጠበቅኩ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። በአዲሱ ስልክ ከፍቼ መጀመሪያውን፣ መሐሉንና መጨረሻውን ሰማሁ። ቅጂውን ለእኅቴም ልኬላታለሁ።

ባለቤቴና እኔ የበረራ ሁነታውን ፈተና ሠራን። በተራ ጽሑፍ ሲሆን እኔ የጨመርኩት ጠፋ፣ ልክ እንደ ቅዳሜው። ሳጥን ባለው ዝርዝር ሁለቱም ቆዩ። እሱም ራሱ ሲያየው ገረመው፤ «እንግዲያው አልዋሸሁም» አለኝ፣ እኔም አልዋሸሁም አልኩት። አንድ ያልገባኝ ግን አለ፤ በሁለተኛው ሙከራ «ቅቤ» ሁለቴ ተጻፈ። ሁለታችንም ለየብቻ ስለጨመርነው ነው?

23. ማስታወሻ ደብተር (ማታ 3:10)

አዎ፤ ለእሱ ሁለት የተለያዩ ረድፎች ናቸው፤ ስማቸው አንድ መሆኑ አይታየውም። ከመጥፋት መደጋገም ይሻላል ብዬ እኔ ተቀብዬዋለሁ፤ ሌላ መፍትሔ ያለው ካለ ግን ልሰማ እወዳለሁ።

24. የድሮ መምህር (ማታ 3:22)

ልጄ፣ ያንን 14 ደቂቃ ድምፅ በየክፍሉ፣ ከነደቂቃው ርዕስ አውጪለት። ዛሬ እናትሽ የት ቦታ ምን እንዳለች ታውቂዋለሽ፤ ከዓመት በኋላ ግን ጨውን ለማግኘት ሙሉውን ልትሰሚ ነው።

25. የጎፋዋ (ማታ 4:40)

መምህር፣ ወዲያው ተቀምጬ ሠራሁት። ከድምፁ በላይ እንዲህ ጽፌያለሁ፦

0:00 ዛላውን መቀንጠስ፣ ማጠብ፣ ማስጣት
3:40 ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና በሶብላ መውቀጥ
6:15 መደለዝና ሸፍኖ ማሳደር
8:50 እንደገና ማስጣት
10:30 ቅመሙን ማመስ
12:45 ጨውና ወፍጮ

ለየብቻው ደግሞ የቅመሙን ሳጥን ያለው ዝርዝር አወጣሁ። እናቴ ኪሎ አትልም፤ ጥቁር አዝሙዱ «አንድ እፍኝ»፣ ነጭ አዝሙዱ «ከዚያ ጎደል ያለ» ነው። እንዳለችው ጻፍኩት። ኮረሪማው ላይ ግን፣ 11:05 ገደማ፣ ከጓዳ ሙቀጫ ይወቀጣል፤ ስንት እንዳለች አይሰማም። ነገ ጠዋት እደውልላታለሁ፤ ይህችን አንዲቷን ብቻ እጠይቃታለሁ፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ስትነግረኝ እቀዳታለሁ።